በስኳርና ደም ግፊት ክሊኒክ የኤአይ ቀጠሮ አሰጣጥን ለመሞከር የቀረበ ፕሮፖዛል

ለ፦ ሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ
ከ፦ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል አስተባባሪ
ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ክቡራን የቦርዱ አባላት፣

የክሊኒካችን ቀጠሮ የሚያዘው በአንድ ወፍራም መዝገብ ላይ ነው። የሰኞ መስከረም 12ን ገጽ ልግለጥላችሁ። 94 ስም አለበት። በሁሉም ስም ፊት ለፊት የተጻፈው ሰዓት አንድ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት። በዕለቱ 71 ሰው መጣ፣ ሐኪሞቹ ሦስት ነበሩ። ከሰበታ በሌሊት ተነስተው የመጡ አንዲት እናት ለምርመራ ቁርስ ሳይቀምሱ ተቀምጠው የተጠሩት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከወንበሩ ሲነሱ ዞሮባቸው ነርሷ ደግፋ አስገባቻቸው። 9 ሰዓት ላይ ግን ሁለቱ ክፍሎች ባዶ ነበሩ።

የሐኪም እጥረት የለብንም አልልም። ይህኛው ጣጣ ግን የሰዓት አደላደል ነው።

የምንጠይቀው

ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ለስድስት ወር፣ በዚህ አንድ ክሊኒክ ብቻ ሙከራ እንዲፈቀድልን ነው። ድንገተኛ፣ የወሊድና የሕፃናት ክፍሎች አይነኩም።

ሲስተሙ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ አዲስ ታካሚ፣ መድኃኒት ለማደስ የመጣና ቁስል የሚታይለት ሰው የሚወስዱትን ጊዜ ለይቶ ለእያንዳንዱ ሰዓት ይመድባል። ሁለተኛ፣ ሊቀር ይችላል ብሎ የገመተውን ታካሚ ስም ለቀጠሮ ሠራተኛዋ ያወጣል፤ እሷ ከሦስት ቀን በፊት ትደውላለች። በሽታ አይመረምርም፣ መድኃኒት አያዝም። የመጨረሻውን ቀጠሮ የሚያጸድቀው ሰው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። ካርዶቻችን ወረቀት ስለሆኑ ሲስተሙ የሚማርበት መረጃ የለውም። ያለፈውን አንድ ዓመት መዝገብ በእጅ ማስገባት አለብን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ግምቱን አንጠቀምበትም፤ ሰዓት ማከፋፈሉ ብቻ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ጥቅም የሚገኘው ከዚያው ይመስለኛል።

በጀት

የሶፍትዌር ኪራይና ማስተካከያ፦ 480,000 ብር
ሁለት ኮምፒውተር ከዩፒኤስና ራውተር ጋር፦ 210,000 ብር
ሁለት የመረጃ ማስገቢያ ሠራተኞች ለስድስት ወር (በወር 9,000)፦ 108,000 ብር
አጭር መልእክትና የስልክ ወጪ፦ 60,000 ብር
ሥልጠና፦ 45,000 ብር
መጠባበቂያ 10 በመቶ፦ 90,300 ብር
ጠቅላላ፦ 993,300 ብር

የሶፍትዌሩ ዋጋ ከሦስት የአገር ውስጥ አቅራቢዎች የመካከለኛው ነው። ርካሹን የተውኩት በፈረንጅ ካላንደር ብቻ ስለሚሠራ ነው። ክፍያው በብር እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የታሰረ ውል ምን እንደሚያስከትል ፋይናንስ ክፍሉ ከእኔ የተሻለ ያውቃል።

ስጋቶች

በጣም የሚያሳስበኝ አድልዎ ነው። ቀጠሮ የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የሚመጡትና የትራንስፖርት ገንዘብ የሚያጥራቸው ናቸው። ሲስተሙ ይህን ያውቅና “ይቀራሉ” ብሎ በእነሱ ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ሊደርብ ይችላል። ሁለቱም ከመጡ ደግሞ ድሃው ኮሪደር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ግምቱ ለመደወል ብቻ እንዲውል፣ ቀጠሮ ለመደረብም ሆነ ለማራቅ እንዳይውል በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው የሰዓትና የቀን መምታታት ነው። ሲስተሙ በሙከራ የላከልኝ የቀጠሮ ማስታወሻ መልእክት “9:00” ይላል። ለማሽኑ የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ለእኛ ታካሚ ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ጳጉሜንም አያውቅም ነበር። መልእክቱ “ከጠዋቱ 3 ሰዓት” ብሎ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በኢትዮጵያ ቀን ካልወጣ ሥራ አንጀምርም።

መዝገቡ ላይ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የልጅ ወይም የጎረቤት ነው። ስለዚህ መልእክቱ የክሊኒኩን ስምና የበሽታውን ዓይነት አይጠቅስም። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ስላለው ከታካሚው ፈቃድ እንወስዳለን፤ አቅራቢውም መረጃውን ለሌላ ሥራ አይጠቀምበትም። ፈቃድ ያልሰጠ ታካሚ እንደ ድሮው በካርድ ይቀጠራል፣ ወረፋም አያጣም።

መብራትና ኔትወርክ ይጠፋል። ሁልጊዜ ማታ 11 ሰዓት ላይ የማግስቱ ዝርዝር ይታተማል። የድሮው መዝገብም ከመስኮቱ አይነሳም።

መለኪያና ማቆሚያ

በኅዳርና በታኅሣሥ አሁን ያለውን የጥበቃ ሰዓትና የቀሪዎች ቁጥር እንመዘግባለን። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አማካይ ጥበቃው ቢያንስ በሲሶ ካልቀነሰ ሙከራው ይቆማል፣ የቀረው ገንዘብ ይመለሳል። በቀጠሮ ስህተት አንድ ታካሚ እንኳ ከተጎዳ የሕክምና ዳይሬክተሩ የቦርዱን ስብሰባ ሳይጠብቁ በዕለቱ ማስቆም ይችላሉ።

ኮምፒውተሮቹን ገዝቶ መዝገቡን ለማስገባት አምስት ሳምንት ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሳኔው እስከ ኅዳር 15 ቢደርሰን በጥር ለመጀመር እንችላለን።

ከሰላምታ ጋር
የተመላላሽ ሕክምና ክፍል አስተባባሪ