ጓዳችን ባልትና፦ የምንሸጠው፣ የምንገኝበት ቦታና የማዘዣው መንገድ

እንኳን ወደ ጓዳችን ባልትና ገጽ በደህና መጡ። እኛ እናትና ሁለት ሴት ልጆች ስንሆን፣ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም ድልዝ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ምጥን ሽሮ፣ ነጭ ሽሮ፣ በሶና የሾርባ ቅንጬ አዘጋጅተን እንሸጣለን። እስካሁን የምንሠራው ለጎረቤት፣ ለዘመድና በሰው በሰው ለሚደርሱን ደንበኞች ብቻ ነበር። አሁን ግን የንግድ ፈቃድ አውጥተን፣ በምድር ቤቱ አንድ ሱቅ ተከራይተን ይህን ገጽ ከፍተናል። ገዢዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁንን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ እንዲያገኙት በማሰብም ይህን ጽሑፍ ከገጹ አናት ላይ አስቀምጠነዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ እኛ ፈጭተን በመደርደሪያ ላይ ደርድረን ገዢ የምንጠብቅ አለመሆናችንን ነው። ሽሮም ሆነ በርበሬ ከተፈጨ በኋላ መዓዛው በየሳምንቱ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ትእዛዝ እስከ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት ድረስ ተቀብለን ሐሙስና ዓርብ እናስፈጫለን፤ ቅዳሜም እናስረክባለን። ረቡዕ ካለፈ በኋላ የሚደርሰን ትእዛዝ ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይተላለፋል። «ዛሬውኑ ይድረስልኝ» ለሚሉ ደንበኞች ይህ አሠራር እንደማይመች እናውቃለን፤ ቢሆንም ባልትናውን ከሌላው ሱቅ የሚለየው ይኸው ስለሆነ ልንተወው አልፈለግንም።

ወደ ዕቃዎቹ ስንመጣ፣ ዋናው ሥራችን ድልዝ በርበሬ ነው። ዛላውን የምናስመጣው ከማረቆ ሲሆን፣ የምንመርጠውም ጥቁርና ነጭ ነቁጥ የሌለበትን፣ በእጅ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሸውን ነው፤ ሲጨበጥ የሚለመጥ ዛላ እርጥበት ስለያዘ፣ ኪሎው ቢረክስም አንገዛውም። ዛላው በእጅ ይቀነጠሳል፤ ታጥቦም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከጤና አዳምና ከበሶብላ ጋር ተወቅጦ ይደለዝና ታፍኖ ያድራል። ጠዋት ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣው ሽታ ደረጃውን ተከትሎ አራተኛ ፎቅ ድረስ ስለሚሄድ፣ ጎረቤቶቻችን የድልዝ ቀን መሆኑን ሳንነግራቸው ያውቁታል። ድልዙ እንደገና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ለየብቻቸው የታመሱት ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ከጨው ጋር ተጨምረውበት ይፈጫል። እነዚህን ቅመሞች አንድ ላይ የማናምሳቸው፣ ነጭ አዝሙዱ ገና ሽታው ሲወጣ ኮረሪማው ስላልሞቀ፣ ኮረሪማው ሲደርስ ደግሞ አዝሙዱ አርሮ ምሬት ስለሚያመጣ ነው። ወጥ ሲቀምሱ ከጉሮሮ ሥር የሚቀር ምሬት ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ያረረ ቅመም ነው።

በክረምት ድልዝ አንደልዝም። ፀሐይ በሌለበት ወራት እየተሰጣ የሚሰነብት በርበሬ ሻጋታ ስለሚይዝ፣ እኛ በበጋው ደልዘን በደንብ ያደረቅነውን ሳይፈጭ አስቀምጠን በክረምት በትእዛዝ ልክ ብቻ እናስፈጫለን። የበጋው ክምችት ካለቀ «አልቋል» ብለን እንጽፋለን እንጂ ከገበያ ገዝተን በራሳችን ከረጢት አንሞላም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት እናታችን ታማ በተኛችበት ወቅት ከአንድ ሱቅ የገዛነው የተፈጨ በርበሬ ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነበር፤ ወጡ ተበልቶ ሲያልቅ ግን በድስቱ ሥር የቀረው ጭቃ ማንኪያ ላይ እንደ አሸዋ ይንኳኳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የማናውቀው በርበሬ ገብቶ አያውቅም።

ምጥን ሽሯችን ከሁለት እጅ ሽምብራና ከአንድ እጅ አተር ይዘጋጃል። እህሉ ተለቅሞ፣ ለስለስ ባለ እሳት ታምሶና ተከክቶ፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፤ ከዚያ በራሳችን ድልዝ በርበሬ፣ በደረቀ ነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላ፣ በኮረሪማና በጨው ተመጥኖ ይፈጫል። ጓያ አንቀላቅልም። ጓያ ከሽምብራ ይልቅ ርካሽ በመሆኑ የሽሮን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ እንደሚጨመር የሚታወቅ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ ግን እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያስከትላል። ነጭ ሽሮው በርበሬ የሌለበት ሲሆን፣ ለልጆችና ሐኪም በርበሬ ለከለከላቸው ሰዎች ይስማማል። ምጥን ሽሮው ጨው የገባበት ስለሆነ፣ ወጡን ስትሠሩ ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ፤ ብዙ ደንበኞቻችን በመጀመሪያው ቀን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሚጥሚጣው ከኮረሪማና ከጨው በቀር ሌላ አይገባበትም። በሶው ከገብስ፣ ቅንጬው ከስንዴ የተዘጋጁ ናቸው።

ወፍጮን በሚመለከት አንድ ግልጽ ማድረግ ያለብን ነገር አለ። የራሳችን ወፍጮ ገና የለንም፤ የምናስፈጨው በሠፈሩ ወፍጮ ቤት ሐሙስ ጠዋት ቀድመን ተራ በመያዝ ነው። ከኛ በፊት የተፈጨው እህል ቅሪት ከኛ ጋር እንዳይቀላቀል መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ ኪሎ ያህል ለብቻው እናወጣለን፤ ነጭ ሽሮውንም ከበርበሬው በፊት እናስፈጫለን። ይሁን እንጂ በዚያው ወፍጮ ስንዴና ገብስም ስለሚፈጩ፣ በግሉተን ምክንያት ስንዴ ፈጽሞ ለተከለከሉ ሰዎች ሽሯችንን እንዲገዙ አንመክርም።

የዚህ ወር ዋጋ በኪሎ እንደሚከተለው ነው፦ ድልዝ በርበሬ 950 ብር፣ ሚጥሚጣ 1,200 ብር፣ ምጥን ሽሮ 420 ብር፣ ነጭ ሽሮ 380 ብር፣ በሶ 280 ብር፣ የሾርባ ቅንጬ 220 ብር። ትንሹ መጠን ግማሽ ኪሎ ሲሆን፣ ሚጥሚጣ ግን ከሩብ ኪሎ ጀምሮ ይሸጣል። የዛላና የሽምብራ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ለውጥ ሲኖር ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን በዚሁ ገጽ እናሳውቃለን፤ አስቀድሞ የታዘዘ ዕቃ ግን በታዘዘበት ዋጋ ይሰጣል።

ለማዘዝ በዚህ ገጽ የውስጥ መስመር የሚፈልጉትን ዕቃ፣ ብዛቱን በኪሎ፣ የሚኖሩበትን ሰፈርና ስልክዎን ይጻፉልን። መልእክት መጻፍ የማይቀናቸው ሰዎች ከገጹ ስም በታች ያለውን የመደወያ ምልክት ተጭነው በቀጥታ ሊያነጋግሩን ይችላሉ፤ ስልኩን የምታነሳው አብዛኛውን ጊዜ እናታችን ስለሆነች፣ ስለ አሠራሩ ጥያቄ ካለዎት የበለጠ የምታስረዳዎትም እርሷ ናት። ትእዛዙ እንደደረሰን ጠቅላላ ሒሳቡን ጽፈን እንልካለን፤ እርስዎ ግማሹን በቴሌብር ወይም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲከፍሉ ትእዛዙ ይጸናል፤ ቀሪውን ዕቃውን ሲረከቡ ይከፍላሉ። ሒሳብ ከመላክዎ በፊት የሚመጣልዎት ስም በገጹ መግለጫ ላይ ከተጻፈው የንግድ ስማችን ጋር አንድ መሆኑን እንዲያረጋግጡ አደራ እንላለን።

ዕቃውን ከሱቃችን ራሳቸው ለሚወስዱ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነን። ሱቁ የሚገኘው በጀሞ 1 ውስጥ ሲሆን፣ በሩ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ጓዳችን ባልትና» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ትክክለኛውን የብሎክ ቁጥር ከነካርታው ትእዛዙን ስናረጋግጥ እንልክልዎታለን። በሞተር ብስክሌት ለሚላክላቸው፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶና በኮልፌ ቀራኒዮ 150 ብር፣ በሌሎች ክፍለ ከተሞች 250 ብር እናስከፍላለን፤ ከ8 ኪሎ በላይ ለሚያዝዝ ደንበኛ የማድረሻ አንጠይቅም። ወደ ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ የምንልከው ማክሰኞ ነው፤ የትራንስፖርቱን ሒሳብ ተቀባዩ ይከፍላል።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቻችን በቀጥታ አንልክም። ይሁንና በአዲስ አበባ ያለ ቤተሰባችሁ አዝዞላችሁ በመንገደኛ የሚላክ ከሆነ፣ ይህን በትእዛዙ ላይ ግለጹልን፤ አየሩ ተስቦ በድርብ ከረጢት ይታሸጋል፣ የዕቃው ስምና የተፈጨበት ቀንም ይጻፍበታል። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ስሙን የምንጽፈው መንገደኛው ጉምሩክ ላይ «ይህ ቀይ ዱቄት ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እንዳይጨነቅ ነው፤ የሚገባበት አገር ምግብ ማስገባትን በተመለከተ ያለውን ደንብ አስቀድሞ ማጣራት ግን የተጓዡ ድርሻ ይሆናል።

ቤት ከደረሰ በኋላ ዕቃውን ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ እርጥብ ማንኪያ አታስገቡበት። ከሦስት ወር በላይ ለመጠቀም የምታስቡትን በርበሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታኖሩት መዓዛውም ቀለሙም ቶሎ አይለወጥም። በዕቃው ቅር ከተሰኛችሁ በሰባት ቀን ውስጥ የተረፈውን ይዛችሁ ኑ፤ ወይ እንቀይራለን፣ ወይ ገንዘቡን እንመልሳለን።

ዘንድሮ የዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ይገባል፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገደማ እንደሚጀምር ስለሚጠበቅ፣ የሽሮውም የሾርባ ቅንጬውም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይበዛብናል። በሦስት ሰው እጅ በሳምንት የምናዘጋጀው ከ120 ኪሎ ስለማይበልጥ፣ ለጾሙ መግቢያ የሚሆናችሁን እስከ ረቡዕ የካቲት 4 ማታ 12 ሰዓት ድረስ እዘዙ፤ ቅዳሜ የካቲት 7 እናስረክባችኋለን። መጠኑ ከዚያ በፊት ከሞላ በዚሁ ገጽ ላይ እንጽፋለን፤ ከዚያ በኋላ ያዘዛችሁትም ለየካቲት 14 ይያዝላችኋል።