የጥናቱ ዘዴ፦ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ባሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአንጀት ቢልሃርዚያ ስርጭት

የጥናቱ ቦታና ንድፍ

ጥናቱ በ2011 ዓ.ም. ሁለተኛ ሴሚስተር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የተካሄደ ሲሆን፣ ሁሉም ልጆች አንድ ጊዜ ብቻ የተመረመሩበት ነው። የተካተቱት ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ቢልሃርዚያ ልጁ በቤቱ የሚይዘው በሽታ አይደለም፤ ቀንድ አውጣው በሚኖርበት ውኃ ውስጥ ሲዋኝ፣ ልብስ ሲያጥብ ወይም ከብት ሲያጠጣ በቆዳው ይገባል። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርዱት ወደ አንድ ወንዝ ወይም ወደ አንድ የሐይቅ ዳርቻ ነው። የናሙና አወጣጡንም ሆነ ትንተናውን የወሰነው ይህ ነው።

የናሙና መጠን

ስርጭቱን 35 በመቶ፣ የሚፈቀደውን ስህተት 6 በመቶ ነጥብ፣ የመተማመኛ ደረጃውን 95 በመቶ ብንይዝ፣ ለቀላል የዕጣ ናሙና የሚያስፈልገው 243 ልጅ ነው። ይህ ቁጥር ግን እያንዳንዱ ልጅ ከሌላው ጋር ምንም የማይጋራ አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ በሚከተለው ዲዛይን ኢፌክት አባዝተነዋል፦

Deff = 1 + (m − 1)ρ

እዚህ ላይ m ከአንድ ትምህርት ቤት የሚወሰደው የተማሪ ብዛት ነው። ρ ኢንትራክላስ ኮሪሌሽን (አይ.ሲ.ሲ.) ሲሆን፣ ከጠቅላላው የውጤት ልዩነት ውስጥ በትምህርት ቤቶች መካከል ያለው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ይነግረናል። ከጥናቱ በፊት ρ = 0.10 ብለን ገምተናል። በm = 25 ዲዛይን ኢፌክቱ 3.4፣ የሚያስፈልገው ናሙና 827 ይሆናል። 10 በመቶ ላይገኙ ይችላሉ ብለን ስንጨምር 919 ደረሰ፤ ይህም 37 ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ከየትምህርት ቤቱ 50 ልጅ ስለ መውሰድም ተነጋግረን ነበር። ያኔ ዲዛይን ኢፌክቱ 5.9 ይሆናል፤ 1,594 ልጅ ከ32 ትምህርት ቤት ማለት ነው። አምስት ትምህርት ቤት ለመቀነስ ሲባል 675 ተጨማሪ ልጆችን ሰገራ እንዲያመጡ መጠየቅ ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። በዚህ ዓይነት በሽታ አዲስ መረጃ የሚገኘው ከሌላ ወንዝ ዳር ካለ ሌላ ትምህርት ቤት እንጂ ከዚያው ትምህርት ቤት ሃያ ስድስተኛውን ልጅ በመመርመር አይደለም።

የናሙና አወጣጥ

ትምህርት ቤቶቹ የተመረጡት በተማሪ ብዛታቸው ልክ በሚመጣጠን ዕድል ነው። በየትምህርት ቤቱ የሁሉም ክፍሎች የስም መዝገብ በአንድ ላይ ተቀጥሎ፣ 25 ተማሪዎች በእኩል ርቀት በሚዘልል ዕጣ ወጡ። አንድን ክፍል ሙሉ በሙሉ ስላልወሰድን የክላስተር ደረጃ ያደረግነው ትምህርት ቤቱን ብቻ ነው። መዝገቡና ትክክለኛው የተማሪ ቁጥር አልፎ አልፎ ስለተለያዩ እያንዳንዱ ልጅ ክብደት ተሰጥቶታል፤ ክብደቶቹ ከ0.91 እስከ 1.12 ናቸው።

ከ925 ተመራጮች 871ዱ (94.2 በመቶ) ናሙና ሰጥተዋል። በየትምህርት ቤቱ የተገኘው ቁጥር ከ19 እስከ 25፣ አማካዩ 23.5፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1.6 ነው።

ምርመራ

ከእያንዳንዱ ሰገራ በ41.7 ሚሊግራም መስፈሪያ ሁለት የካቶ ካትዝ ስላይድ ተሠርቶ ሁለት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ለየብቻ አንብበውታል። ባለሙያዎቹ ናሙናው የየት ትምህርት ቤት እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ «ይህ የሐይቅ ዳር ልጅ ነው» የሚል ግምት በቆጠራው ከገባ፣ አይ.ሲ.ሲ.ው ከውኃው ሳይሆን ከአንባቢው የመጣ ይሆናል። በአንዱ ስላይድ ላይ እንኳ የሺስቶሶማ ማንሶኒ እንቁላል የተገኘበት ልጅ እንደ ታማሚ ተቆጥሯል። እነዚህ ልጆች በሙሉ በኪሎ ግራም ክብደት 40 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴል ተሰጥቷቸዋል። ወላጆች ፈቃዳቸውን፣ ልጆቹም ይሁንታቸውን ሰጥተዋል።

የክላስተር ማስተካከያ

ስርጭቱና የመተማመኛ ወሰኑ የተሰሉት ትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ ደረጃ የናሙና አሃድ አድርጎ በቴይለር ሊኒያራይዜሽን ነው። የነጻነት ዲግሪው የትምህርት ቤቶቹ ቁጥር ሲቀነስ አንድ፣ ማለትም 36 ነው። ስሌቱ በአር `survey` ጥቅል ተሠርቷል፦

```
d <- svydesign(ids = ~school_id, weights = ~w, data = kids)
est <- svymean(~sm_pos, d, deff = "replace")
confint(est, df = 36)
```

አይ.ሲ.ሲ.ውን በሁለት መንገድ አስልተናል፤ ሁለቱ ስለሚምታቱ ለይተን እናስቀምጣለን። የመጀመሪያው በቀጥታ በታመመ/አልታመመ ውጤት ላይ በአኖቫ የተሰላው ሲሆን 0.14 ነው (95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ከ0.08 እስከ 0.21፤ ትምህርት ቤቶችን እየደጋገሙ መልሶ በመምረጥ የተገኘ)። ሁለተኛው ለትምህርት ቤት ራንደም ኢንተርሴፕት ካለው የሎጂስቲክ ሞዴል የተወሰደ ነው፦

σ²u / (σ²u + π²/3) = 0.96 / (0.96 + 3.29) = 0.23

ይህኛው የሚለካው በሎጂት ሚዛን ነው። ከላይ ባለው የዲዛይን ኢፌክት ቀመር ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ 0.23ን በዚያ ቀመር ማስገባት ዲዛይን ኢፌክቱን ከእውነቱ በላይ ያሳብጠዋል። ወደፊት በዚህ አካባቢ ለስርጭት ጥናት ናሙና የሚያሰላ ሰው 0.14ን ከነወሰኑ ይጠቀም፤ በተለይ ወደ 0.21 የሚጠጋውን ጫፍ ችላ እንዳይል እንመክራለን።

የትምህርት ቤቶቹ ናሙና እኩል ስላልሆነ ቀመሩን በመጠን ልዩነት (CV = 0.068) አስተካክለናል፦

Deff = 1 + [(1 + CV²)m̄ − 1]ρ = 4.17

ከመረጃው በቀጥታ የተገኘው ዲዛይን ኢፌክት ደግሞ 4.19 ነው። በዚህም መሠረት የ871 ልጆች ናሙና የሚሰጠው ትክክለኛነት 208 ልጆችን በቀላል ዕጣ ከመምረጥ ጋር እኩል ነው። የተገኘው ρ ከገመትነው 0.10 ስለበለጠ የመተማመኛ ወሰኑ ካቀድነው 6 ነጥብ በትንሹ ሰፍቷል።

ልዩነቱ በቁጥር እንዲታይ፦ ስርጭቱ 30.8 በመቶ ሲሆን፣ ክላስተሩን ችላ ብንል ወሰኑ ከ27.7 እስከ 33.8 በሆነ ነበር። ሲስተካከል ከ24.3 እስከ 37.3 ነው። ጠባቡ ወሰን ለጽሑፍ ያምራል፤ ግን በአንዱ ትምህርት ቤት ከ24 ልጆች 17ቱ፣ በሌላው ከ23ቱ አንድ ብቻ የታመመበትን አካባቢ እንደ አንድ ወጥ ሕዝብ ያስመስላል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት መድኃኒት የሚያቅደው በዚህ ቁጥር ስለሆነ ሰፊውን ብቻ ነው የምናቀርበው።

ከበሽታው ጋር የሚዛመዱ ነገሮች

ጾታ፣ ዕድሜ፣ የመዋኘት ልማድና ትምህርት ቤቱ ከውኃው ያለው ርቀት በዚያው ባለ ሁለት ደረጃ ሞዴል ተፈትሸዋል፦

```
glmer(sm_pos ~ sex + age + swim + dist_km + (1 | school_id),
      family = binomial, data = kids)
```

ርቀት የትምህርት ቤቱ እንጂ የልጁ መለኪያ አይደለም፤ ስለዚህ ስለ ርቀት ያለን ማስረጃ የ37 ትምህርት ቤቶች እንጂ የ871 ልጆች አይደለም። ርቀት ብቻውን ሲገባ የትምህርት ቤቶች ልዩነት (σ²u) ከ0.96 ወደ 0.58 ወርዷል፤ የቀረውን ግን ርቀት አያብራራውም። የየትምህርት ቤቱ የተመርማሪና የታማሚ ቁጥር ያለ ትምህርት ቤቱ ስም በአባሪ ሰንጠረዥ ቀርቧል፤ አይ.ሲ.ሲ.ውን በሌላ ዘዴ ማስላት የሚፈልግ ከዚያው መነሣት ይችላል።