ጉዳዩ፦ አቤቱታዎ መድረሱንና የሚታይበትን አካሄድ ስለማሳወቅ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወ/ሮ አልማዝ በቀለ
የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ
አዲስ አበባ

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የጻፉት ባለ ሁለት ገጽ አቤቱታ፣ ከፈረቃ ደብተሩ ፎቶ ኮፒ ጋር በዕለቱ ደርሶን በመዝገብ ገቢ ተደርጓል። እኛ እንደተረዳነው አቤቱታዎ ሁለት ጭብጦች አሉት። አንደኛው እሑድ መስከረም 4 እና 11 ቀን ሠርቼበታለሁ ያሉት የዕረፍት ቀን ክፍያ በወሩ ደመወዝ ውስጥ አልተካተተም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህንኑ ሲጠይቁ የፈረቃ ኃላፊው በባልደረቦችዎ ፊት ክብርዎን የሚነካ ቃል ተናግረውኛል የሚል ነው። የዘለልነው ነገር ካለ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን በጽሑፍ ቢያሳውቁን ይካተታል።

ይህ ደብዳቤ አቤቱታው መድረሱን ከመግለጽ ያለፈ ትርጉም የለውም። ክፍያው ይገባዎታል ወይም አይገባዎትም፣ ኃላፊውም አጥፍተዋል ወይም አላጠፉም የሚል አቋም አልያዝንም። እርሳቸውም ስለ ጉዳዩ መልስ የመስጠት ዕድል ይኖራቸዋል።

የክፍያው ጥያቄ በአብዛኛው በሰነድ የሚለይ ነው። የአሻራ መዝገቡ፣ የፈረቃ ደብተሩና የደመወዝ መክፈያው ጎን ለጎን ይታያሉ። መብራት ሲጠፋ የአሻራ መሣሪያው ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ስምዎ በዚያ አለመገኘቱ ብቻውን አልሠሩም አያሰኝም፤ በደብተሩ ላይ ያለ ፊርማም እንዲሁ ብቻውን የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም። ሁለቱ ካልተጣጣሙ መጀመሪያ የምንጠይቀው እርስዎንና በዕለቱ በሥራ ላይ የነበሩትን ነው።

ሁለተኛው ጭብጥ የሰው ቃል መስማት ስለሚፈልግ ረዘም ይላል። የእርስዎን ቃል ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በሰው ሀብት አስተዳደር ቢሮ እንቀበላለን፤ ከፈለጉ የሠራተኛ ማኅበሩን ተወካይ ይዘው መምጣት ይችላሉ። ቀጠሮው በሥራ ሰዓት ስለሆነ ከደመወዝዎ አይቀነስም። ማጣራቱ እስኪያልቅ የዕለት ሥራዎን ለሌላው ፈረቃ ኃላፊ ያስረክባሉ። ይህ ለጊዜው የተደረገ እንጂ በማንም ላይ የተወሰደ እርምጃ አይደለም።

የጽሑፍ መልስ እስከ ዓርብ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ይደርስዎታል። የሚዘገይ ከሆነ ከዚያ ቀን በፊት ምክንያቱንና አዲሱን ቀን እንገልጻለን።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አቤቱታ ማቅረብ የሥራ ውል ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። በዚህ ምክንያት ጫና ደረሰብኝ የሚሉ ከሆነ ውጤቱን ሳይጠብቁ ያሳውቁን። በተጨማሪም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ እያስታወስን፣ የእኛ የውስጥ ማጣራት ይህን ጊዜ ያቆመዋል ብለው እንዳይጠብቁ፣ ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብትዎንም እንደማይነካ እንገልጻለን።

ከሰላምታ ጋር
የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለሠራተኛ ማኅበር ጽሕፈት ቤት