የእድራችን የ2018 በጀት፦ የገንዘብ ያዡ ንግግር

እንደምን አደራችሁ፣ ጎረቤቶቼ። ዳኛው አሳጥር ብለውኛል፣ አሳጥራለሁ።

በ2018 ዓ.ም. ይገባል ብለን የያዝነው 240,000 ብር ነው። 180 አባል በወር መቶ መቶ ብር ሲከፍል በዓመት 216,000 ይሆናል፤ 24,000ው ከወንበርና ከድስት ኪራይ ነው።

ትልቁ ወጪ ያው የሐዘን ክፍያ ነው። ለአንድ ቤት 12,000 ብር። አምና ለ11 ቤት ከፍለናል፣ ዘንድሮ ለ12 ይዘናል፣ እግዜር ያሳንስልን እንጂ፣ 144,000 መሆኑ ነው። ለጥሩምባ ነፊያችን በወር 1,500፣ በዓመት 18,000።

ድንኳኑን ግን ልንገራችሁ። በነሐሴው ለቅሶ ዝናቡ በስፌቱ እየገባ ንፍሮው ላይ ሲንጠባጠብ እኔው ራሴ ትሪ ደግኜ ቆሜ ነበር። አራት ጊዜ አሰፍተነዋል፤ ከእንግዲህ መርፌ የሚይዝ ጨርቅ የለውም። ለአዲስ 45,000 ይዘናል። ውድ ነው የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ፤ ሦስት ቦታ ጠይቄ የረከሰው ይሄ ነው።

የሚተርፈው 33,000 ባንክ ይቀመጣል፣ አይነካም።

ይሄ ሁሉ ግን ወርሃዊው ሲገባ ነው። 23 ሰው ከሦስት ወር በላይ አልከፈለም። ስም አልጠራም፤ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ስትወጡ ጎራ በሉ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ ከዚያ እናጸድቀዋለን።