የማስጠንቀቂያ ጊዜ እንዲያጥርልኝ የቀረበ የሥራ መልቀቂያና የርክክብ ስምምነት ጥያቄ

ቀን፦ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለመስጠትና በሥራ ርክክብ ዕቅድ ምትክ ጊዜው ወደ 20 ቀን እንዲያጥር ስለመጠየቅ

ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በድርጅቱ የሒሳብ ክፍል፣ አሁን በከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት እየሠራሁ እገኛለሁ። ሥራዬን በራሴ ፈቃድ ለመልቀቅ ስለወሰንኩ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከዛሬ ጀምሮ ሰጥቻለሁ። ጊዜው ኅዳር 30 ይሞላል። ይህ ማስጠንቀቂያ ከዚህ በታች ለማቀርበው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ጥያቄው ተቀባይነት ባያገኝ እስከ ኅዳር 30 በሥራ ገበታዬ ላይ እገኛለሁ።

የምጠይቀው የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ቅዳሜ ኅዳር 20 እንዲሆንልኝ ነው። የተቀጠርኩበት አዲስ ሥራ ሰኞ ኅዳር 22 በሥልጠና ይጀምራል። ከኅዳር 22 እስከ 30 ያሉት የሥራ ቀናት 8 ናቸው። ለእነዚህ 8 ቀናት በልዋጭ የማቀርበው በእጄ ያለው ሥራ በሙሉ በጽሑፍ፣ በቆጠራና በፊርማ ተረክቦ እንዲያልቅ ነው። 30 ቀን ተቀምጬ በመጨረሻው ሳምንት ቁልፍና ፋይል አስረክቤ ብወጣ ግዴታዬን እንደፈጸምኩ ይቆጠር ይሆናል፤ ድርጅቱን የሚጎዳው ግን የቀኑ ማነስ ሳይሆን እኔ ብቻ የማውቃቸው ነገሮች አብረውኝ መሄዳቸው ነው። እነሱን ከዚህ በታች አንድ በአንድ ጠቅሻለሁ።

ተረካቢ እንድትሆን የማቀርባት ረዳት የሒሳብ ሠራተኛዋን ወ/ሪት ሕይወትን ነው። ሽያጭ መመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና ፒቲ ካሽ ከእኔ እኩል ትሠራለች። የሚጎድላት የገቢ ዕቃ ወጪ ስሌት፣ ደመወዝና የወር መዝጊያ ነው። ስለዚህ ጊዜውን እኩል አልከፋፈልኩትም፤ አብዛኛው ወደ እነዚህ ሦስቱ ይሄዳል።

የጥቅምት ወር ሒሳብ። የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የቅድመ ግብር፣ የሥራ ግብርና የጡረታ ማስታወቂያዎችን እስከ ዓርብ ኅዳር 12 አሳውቄና ክፍያውን አስፈጽሜ እጨርሳለሁ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የመርካቶው ሱቅ የካሽ ሬጅስተር ማሽን በጥቅምት ለሁለት ቀን ለጥገና ሄዶ ስለነበር 47 ሽያጮች በማንዋል ደረሰኝ ተሠርተዋል። እነዚህ በዜድ ሪፖርቱ ውስጥ አይታዩም። ሽያጩን ከዜድ ሪፖርት ብቻ የሚወስድ ሰው አሳንሶ ያሳውቃል፣ ልዩነቱም በኦዲት ጊዜ ቅጣት ይዞ ይመጣል። የደረሰኞቹን ዝርዝር ከተከታታይ ቁጥራቸው ጋር ለይቼ ከማስታወቂያው ኮፒ ጋር አያይዛለሁ።

የገቢ ዕቃ ወጪ ስሌት። ብዙ ስህተት የሚፈጠርበት ይህ ነው። ሁለት ኮንቴይነር የኤሌክትሪክ ዕቃ ከጅቡቲ በመምጣት ላይ ሲሆን ፋይላቸው ገና አልተዘጋም። ዕቃው መጋዘን ሲገባ የአንዱ ዋጋ የሚሰላው በሻጩ ኢንቮይስ፣ በመርከብና በየብስ ማጓጓዣ፣ በኢንሹራንስ፣ በጉምሩክ ቀረጥ፣ በሱር ታክስ፣ በትራንዚተርና በባንክ አገልግሎት ክፍያ ድምር ነው። በጉምሩክ የተከፈለው ተጨማሪ እሴት ታክስና ቅድመ ግብር ግን ዲክላራሲዮኑ ላይ ከቀረጡ ጋር በአንድ ገጽ ስለሚታዩ አብረው ይደመራሉ፤ መደመር የለባቸውም። የመጀመሪያው ከሽያጭ ታክስ የሚቀነስ፣ ሁለተኛው ከዓመቱ የንግድ ትርፍ ግብር የሚታሰብ ነው። ወጪ ላይ ከገቡ ድርጅቱ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ ዕቃው ከገበያ በላይ ይተመናል፣ ተቀናሹም ሳይጠየቅ ይቀራል። ጳጉሜን ላይ የተዘጋውን የአንድ ኮንቴይነር ፋይል ወ/ሪት ሕይወት ከባዶ እንድትሠራው አደርጋለሁ። የእሷ ውጤት ፋይሉ ላይ ካለው ጋር እስኪገጥም ይህ ክፍል እንደተረከበች አይቆጠርም። ማጓጓዣው በዕቃዎቹ ላይ የሚከፋፈለው በኢንቮይስ ዋጋ መጠን መሆኑን፣ በካርቶን ብዛት አለመሆኑንም እዚያው ታየዋለች።

የቅድመ ግብር ደረሰኝ። ደንበኞች ቀንሰው ያስቀሩብን፣ ደረሰኙን ግን እስካሁን ያልሰጡን 11 ክፍያዎች አሉ፤ ድምራቸው 86,400 ብር ነው። ደረሰኝ ከሌለ ዓመታዊ ግብር ሲሠራ ገንዘቡ አይያዝልንም። በስልክ መጠየቅ እስካሁን ብዙም አልጠቀመም፤ ከኅዳር 3 እስከ 10 በሠራተኛ እየላክሁ እሰበስባለሁ። ያልተገኘውን ከደንበኛው ስም፣ ከኢንቮይስ ቁጥርና ከተጠያቂው ሰው ስልክ ጋር አስረክባለሁ።

ደመወዝ። የኅዳር ደመወዝ እኔ ከወጣሁ በኋላ የሚሠራ ብቸኛው ትልቅ ሥራ ስለሆነ ሥጋትዎ እዚህ ላይ እንደሚሆን እገምታለሁ። የ34ቱ ሠራተኞች ሰንጠረዥ ከትርፍ ሰዓት በቀር ተሞልቶ እስከ ሐሙስ ኅዳር 18 ይዘጋጃል። ጡረታው ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ አበልና ትርፍ ሰዓት አይገቡበትም። ኮስት ሼሪንግ የሚቆረጥባቸው አምስት ሠራተኞች አሉ፣ የአንዱ ዕዳ በዚህ ወር ያልቃል። ማንም ካላስታወሰ በታኅሣሥም ይቆረጥበታል፣ ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ በቀለም ለይቼዋለሁ። ከቃሊቲ መጋዘን የትርፍ ሰዓት ወረቀት ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ እስከ ኅዳር 24 እንዲደርስ ለመጋዘን ኃላፊው የሚጻፈውን ማስታወሻ ለእርስዎ ፊርማ አቀርባለሁ።

መጋዘን። ቅዳሜ ኅዳር 13 ከንብረት ክፍሉ ጋር በዋጋ ከፍተኛ የሆኑ 40 ዕቃዎችን እንቆጥራለን። በቢን ካርዱና በፒችትሪው መካከል የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ሌብነት ሳይሆን የመለኪያ ጉዳይ ነው። ገመድ በቃሊቲ በጥቅል ይወጣል፣ በመርካቶ በሜትር ይሸጣል። 1 ጥቅል 100 ሜትር ሆኖ ሳለ ዝውውሩ «1» ተብሎ ሲመዘገብ 99 ሜትር ከመዝገብ ይጠፋል። ያገኘኋቸውን እንዲህ ያሉ ዝውውሮች አስተካክዬ፣ ማስተካከያውን ለብቻው አስፈርሜ እሄዳለሁ።

ኢንተርኔት ባንኪንግና የይለፍ ቃል። በሁለቱ ባንኮች ክፍያ አዘጋጅ ሆኜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ የማረጋገጫ ኮዱም የሚመጣው በግል ስልኬ ነው። ይህ ካልተቀየረ ከወጣሁ በኋላ አንድም ክፍያ አይወጣም። ወጣ ቢባል ደግሞ የባሰ ነው፤ የለቀቀ ሰው ስልክ የድርጅት ገንዘብ ቁልፍ ሆኖ መቆየት የለበትም። ለውጡ ማኅተም ያለበት የድርጅቱን ደብዳቤ ስለሚጠይቅና ባንኩ ቀናት ሊወስድበት ስለሚችል ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ካልወጣ የቀረው ዕቅድ ሁሉ ይንጓተታል። ረቂቁን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የፒችትሪና የግብር ማሳወቂያ የይለፍ ቃሎች በታሸገ ፖስታ በእጅዎ ይገባሉ፤ ኅዳር 20 ከሰዓት በኋላ ሁሉም እንዲቀየሩ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ትናንሾቹ ጉዳዮች፦ 15,000 ብር ፒቲ ካሽ፣ የሦስት ሾፌሮች ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ፣ ገንዘባቸው ያልወጣ አራት ቼኮች፣ የካዝና ቁልፍ። እነዚህ በአንድ ቃለ ጉባኤ በአንድ ቀን ይፈጸማሉ።

ሥራው የሚሄደው በሦስት ሳምንት ነው። እስከ ኅዳር 6 እኔ እሠራለሁ፣ ወ/ሪት ሕይወት አጠገቤ ሆና በራሷ እጅ ትጽፋለች። የእኔን ጽሑፍ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ የሠራው ሰው ለሚያውቀው ነገር ማብራሪያ አይጽፍም። ከኅዳር 8 እስከ 13 እሷ ትሠራለች፣ እኔ አያለሁ። ከኅዳር 15 እስከ 18 እኔ በሌላ ክፍል ተቀምጬ ስትጠራኝ ብቻ እመጣለሁ፤ የጠየቀችው ሁሉ በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጨመራል። ኅዳር 19 እና 20 ለፊርማ ናቸው።

ሐሙስ ኅዳር 18 ማታ ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱ በእኔ ምክንያት ካልተፈረመ እስከ ኅዳር 25 እቆያለሁ። አዲሱ አሠሪዬ ይህን ያህል ለመጠበቅ ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድሜ አረጋግጫለሁ። ባንኩ ወይም ደንበኛ ያዘገየው ጉዳይ ግን መውጫዬን እንዳያራዝም በስምምነቱ ላይ ቢሰፍር መልካም ነው። ከወጣሁ በኋላ ቅዳሜ ኅዳር 27 እና ታኅሣሥ 4 ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሮ ተገኝቼ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ የኅዳር ደመወዝን አብሬ አያለሁ። እስከ ታኅሣሥ 10 ድረስ ማታ ማታ ስልኬ ክፍት ነው። ለዚህ ክፍያ አልጠይቅም። ሲስተም ውስጥ ግን አልገባም፣ ሰነድም አልፈርምም፤ ይህ ለእኔም ለድርጅቱም ይበጃል።

በድርጅቱ በኩል የምጠይቃቸው የሚከተሉት ናቸው። አንደኛ፣ በአዋጁ አንቀጽ 25 መሠረት ውሉ በስምምነት ኅዳር 20 መቋረጡን፣ የቀሩት ቀናትም ያለማስጠንቀቂያ እንደመልቀቅ ተቆጥረው ካሳ እንደማያስጠይቁኝ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ እንድንፈራረም። የቃል ፈቃድ ብቻውን ሰው ሲለወጥ አለመግባባት ያስከትላል። ሁለተኛ፣ ያልተጠቀምኩበት 11 ቀን የዓመት ዕረፍት በገንዘብ እንዲታሰብልኝ። ይህን ከ8ቱ ቀናት ጋር ለማቻቻል አላቀረብኩም፤ ሠራተኛ በሕግ ያገኘውን መብት በስምምነት ቢተው የማይጸና ስለሆነ ማንኛችንንም አይጠቅምም። ሦስተኛ፣ ደመወዜና ቀሪ ክፍያዬ በአንቀጽ 36 በተቀመጠው 7 የሥራ ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ ሰኞ ኅዳር 29፣ እንዲከፈል፤ የሥራ መደቤን፣ የአገልግሎት ዘመኔንና ደመወዜን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃም ከክሊራንሱ ጋር እንዲሰጠኝ።

መልሱን እስከ ረቡዕ ኅዳር 3 በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ ዕቅዱ በቀኑ ይጀመራል። ከዚያ ከዘገየ የመጀመሪያው የማለማመጃ ሳምንት ስለሚባክን የመውጫው ቀን በዘገየው ልክ ይገፋል። በቀናቱ ላይ ለመነጋገር ከፈለጉ ነገ ጠዋት በሚመችዎ ሰዓት ቢሮዎ እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ሰላማዊት ታደሰ
ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ
(ፊርማ ተፈርሟል)

አባሪ፦ ለባንኮች የሚጻፍ የተጠቃሚ ለውጥ ደብዳቤ ረቂቅ፣ 2 ገጽ

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
ለሒሳብና ፋይናንስ ክፍል ኃላፊ