የፓራሳይቶሎጂ ፋይናል ክለሳ፦ ከሰኔ 1 እስከ ሰኔ 14፣ 2018

ፈተናው ሰኞ ሰኔ 15 ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ቱሉ ዲምቱ እኛ ቤት እንገናኛለን፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ወደ ኮዬ ፈጬ ታክሲ ስለሚጠፋ አናስረዝምም። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ግን እኔ አንቺ ጋ እመጣለሁ። መብራት ከጠፋ በቃል እንጠያየቃለን እንጂ ቀኑ አይሰረዝም።

ሃንድአውቱን በምዕራፉ ተራ አንከተልም፤ ተመሳሳይ መንገድ የሚሄዱትን ሳይክሎች አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሃንድአውት ተዘግቶ፣ ባዶ ወረቀት ላይ፣ ከኢንፌክቲቭ ስቴጅ ተነስተሽ ትስያለሽ። ዲያግኖስቲክ ስቴጁ በቀይ ይከበባል፣ ዴፊኒቲቭ ሆስቱ ከጎኑ ይጻፋል። ቀይ የሌለበት ሥዕል እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ሰኞ 1 እና ማክሰኞ 2፦ ወባ
ሁለት ቀን የሰጠሁት ብዙ ጥያቄ ስለሚወጣበት ነው። ሰኞ ሰው ውስጥ ያለውን ብቻ፦ ስፖሮዞይት ከትንኟ ምራቅ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጉበት፣ ጉበት ውስጥ ሺዞንት፣ ከዚያ ሜሮዞይት ወጥቶ ቀይ የደም ሴል ይገባል። ሪንግ፣ ትሮፎዞይት፣ ሺዞንት፣ እንደገና ሜሮዞይት። ዙሩ ለፋልሲፓረም፣ ለቫይቫክስና ለኦቫሌ 48 ሰዓት፣ ለማላሪዬ 72 ሰዓት ነው። ቫይቫክስና ኦቫሌ ጉበት ውስጥ ሂፕኖዞይት ትተው ስለሚተኙ በሽታው ያገረሻል፤ ፕሪማኩዊን የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ፋልሲፓረም ሂፕኖዞይት የለውም።
ማክሰኞ ትንኟ ውስጥ፦ ጋሜቶሳይት፣ ጋሜት፣ ዛይጎት፣ ኡኪኔት፣ ኡሲስት፣ ስፖሮዞይት። ሴክሹዋል ስቴጁ የሚጠናቀቀው እሷ ውስጥ ስለሆነ ዴፊኒቲቭ ሆስቷ አኖፌሊስ ናት፤ «ሰው» ብሎ የሚመልስ ሁሌም አይጠፋም።

ረቡዕ 3፦ ሌይሽማኒያና ትሪፓኖሶማ
ሳንድፍላይ ውስጥ ፕሮማስቲጎት፣ ሰው ማክሮፋጅ ውስጥ አማስቲጎት። ካላ አዛርን ከመተማና ሁመራ፣ ቁንጭርን ከደጋውና ከሌይሽማኒያ ኤትዮፒካ ጋር አያይዢው።

ሐሙስ 4፦ አሜባና ጃርዲያ
አጭር ነው። የሁለቱም ኢንፌክቲቭ ስቴጅ ሲስት ነው፣ የበሰለውም 4 ኒውክሊየስ አለው። በተረፈው ሰዓት ቶክሶፕላዝማ፤ ዴፊኒቲቭ ሆስቷ ድመት።

ዓርብ 5፦ አዲስ ነገር የለም። ወባን ከነትንኟ እንደገና ትስያለሽ፣ እኔ አርማለሁ፤ ከዚያ ተራው ይዞራል።

ቅዳሜ 6፦ ሳንባ የሚያልፉት
አስካሪስ፣ ሁክዎርም፣ ስትሮንጂሎይደስ። ሦስቱን አንድ ወረቀት ላይ ሳያቸው፤ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ፣ ተውጦ ወደ ትንሹ አንጀት የሚለው መንገድ የጋራቸው ስለሆነ የሚለያየው መግቢያው ነው። ወስፋት በአፍ፣ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ከበሰለ በኋላ፤ ሁለቱ ደግሞ ፊላሪፎርም ላርቫቸው ቆዳ ሰርስሮ። በሰገራ ምርመራ ስትሮንጂሎይደስ የሚታየው ራብዲቲፎርም ላርቫ ሆኖ ነው እንጂ እንቁላል ሆኖ አይደለም። አውቶኢንፌክሽኑንም ቀስት ጨምሪበት።

እሁድ 7፦ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትሪኩሪስና ኢንተሮቢየስ። ሳንባ አይገቡም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ሰኞ 8 እና ማክሰኞ 9፦ ቀንድ አውጣ ያለባቸው
ሰኞ ሺስቶሶማ፦ እንቁላል፣ ሚራሲዲየም፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስፖሮሲስት፣ ሰርካሪያ፣ ቆዳ። ማንሶኒ ባዮምፋላሪያ፣ የእንቁላሉ እሾህ በጎን፤ ሄማቶቢየም ቡሊነስ፣ እሾሁ ጫፍ ላይ፣ የሚፈለገውም ሽንት ውስጥ።
ማክሰኞ ፋሺዮላ። እዚህ ሬዲያና ሜታሰርካሪያ ይጨመራሉ፣ ሰው የሚያዘውም ውኃ ዳር የበቀለ ተክል በልቶ ነው። ሁለቱን ሳይክል ጎን ለጎን አድርጊ፤ ሺስቶሶማ ላይ ሬዲያ የጻፈ ሻይ ይጋብዛል።

ረቡዕ 10፦ ኮሶና ዘመዶቹ
ጾሙ ስላልተፈታ ቁርጥ ሳያምረን የምናጠናው ይሄን ነው። ሳጂናታ፦ ከብት ሥጋ ውስጥ ሲስቲሰርከስ፣ ሰው አንጀት ውስጥ ትልቁ ትል። ሶሊየም ከአሳማ ይመጣል፤ ሰው እንቁላሉን ከዋጠ ግን ራሱ ኢንተርሚዲየት ሆስት ሆኖ ሲስቲሰርኮሲስ ይይዘዋል። ሳጂናታ ይህን አያደርግም። ኢኪኖኮከስ ላይ ዴፊኒቲቭ ሆስቱ ውሻ ነው፤ ናና ደግሞ ኢንተርሚዲየት ሆስት ሳያስፈልጋት ከሰው ወደ ሰው ትተላለፋለች።

ሐሙስ 11፦ ፊላሪያዎቹና ጊኒ ዎርም
ኦንኮሰርካ፦ ጥቁር ዝንብ፣ ምርመራው ከቆዳ። ዉቸሬሪያ፦ ትንኝ፣ ደሙ የሚወሰደው ሌሊት። ጊኒ ዎርም በመጠጥ ውኃ፣ ሳይክሎፕስ ተውጦ።

ዓርብ 12፦ ሚካኤል ነው፤ እናቴ ለቡና ስለምትጠራሽ እምቢ አትበዪ። ከቡና በኋላ የእንቁላል ስላይድ ፎቶዎች ከስልክ፣ ስም ሳይታይ።

ቅዳሜ 13፦ የሁሉንም ስም ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን ዕጣ እናወጣለን። የወጣው በ7 ደቂቃ ይሳላል፤ ያልተቻለው ለብቻው ይቀመጣል።

እሁድ 14፦ የተቀመጡትን ብቻ። ማታ 3 ሰዓት ደብተር ይዘጋል። መታወቂያና ሁለት እስክሪብቶ ቦርሳ ውስጥ ይግቡ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቱሉ ዲምቱ አደባባይ እጠብቅሻለሁ።