ቀይና አረንጓዴ

ስለ ተለዋዋጭ ጅረት በፈተና ላይ ስጠየቅ በትክክል እመልስ ነበር፤ በልቤ ግን አላመንኩበትም። ኤሌክትሮኖቹ ወደፊት ሄደው ያንኑ ያህል ወደኋላ ከተመለሱ ድምሩ ዜሮ ነው፤ ድምሩ ዜሮ የሆነ ነገር አምፖል የሚያበራው እንዴት ነው? ይህን ጥያቄ መምህሩ ፊት ለማንሳት አፍሬ ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

ለተግባር ኮርሱ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር ለመሥራት የመረጥኩት ቀላል መስሎኝ ነበር። ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆነ፣ ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ በፕላስቲክ ቀፎ ላይ 1200 ጊዜ መጠምጠም ነበረብኝ። የዶርም ጓደኛዬ ከላይኛው አልጋ እግሩን አንጠልጥሎ ይቆጥርልኝ፣ በየ100 ዙሩም በደብተሩ ላይ አንድ ጭረት ያሰምር ነበር። በሽቦው ጥቅል መካከል የሚሽከረከረውን ጠንካራ ማግኔት በዘንግ ላይ አጣበቅኩት፤ ትልቁን መዘውር በእጀታ አንድ ጊዜ ሳዞረው ዘንጉ ስድስት ጊዜ እንዲዞር ደግሞ በላስቲክ ቀበቶ አገናኘኋቸው።

የሽቦውን ጫፎች በምላጭ ፍቄ ከመልቲሜትሩ ጋር አያያዝኩና በኃይል አዞርኩ። መለኪያው 0.02 አለ፣ ቀጥሎ −0.03፣ ከዚያ እንደገና ዜሮ። ሽቦው የተበጠሰ መስሎኝ ልቤ ወረደ። የሽቦውን ተቃውሞ ስለካ ግን 80 ኦም ገደማ አገኘሁ፤ ስለዚህ አልተበጠሰም።

«ምናልባት ቶሎ ቶሎ ስለምታዞረው ይሆናል፤ እስቲ ቀስ አድርገህ አዙረው» አለኝ ጓደኛዬ። እሱ የሚማረው ታሪክ ነው፤ ምክሩ ግን ትክክለኛው ምክር ነበር።

ቀበቶውን አወለቅኩ፤ መለኪያውን ወደ 200 ሚሊቮልት ዝቅ አድርጌ ዘንጉን በሁለት ጣቶቼ በዝግታ አዞርኩት። ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ ጨመረ፣ 40 አልፎ ሄደ፣ ከዚያ እየቀነሰ ዜሮ ደረሰ። ማዞሬን ስቀጥል ከቁጥሩ ፊት ትንሽ ሰረዝ ብቅ አለች፤ ቁጥሩም በዚያች ሰረዝ ሥር እንደገና አድጎ እንደገና ወረደ። የማግኔቱ ሰሜን ዋልታ የነበረበትን ቦታ ደቡቡ ሲይዝ፣ ሽቦው ውስጥ ያለው ግፊትም አቅጣጫውን ይቀይራል ማለት ነው። መልቲሜትሩ መጀመሪያም አልዋሸም፤ የቀጥተኛ ጅረት መለኪያ ላይ ስለነበር በፍጥነት የሚፈራረቁትን ግፊቶች አማካይ ሊያሳየኝ ሞክሮ ነው።

ይበልጥ ያስገረመኝ ዜሮው የወደቀበት ቦታ ነው። ዋልታው ልክ በጥቅሉ አፍ ትይዩ ሲደርስ ቮልቴጁ ከፍተኛ ይሆናል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ነገር ግን ዜሮ የሚሆነው እዚያው ነው። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ ከፍታው ጫፍ ሲደርስ ለቅጽበት ቀጥ እንደሚል ሁሉ፣ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው ማግኔታዊ ፍሰት ከፍተኛ መጠኑ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት መለወጡን ያቆማል፤ ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው ደግሞ ቮልቴጅን የሚወልደው የፍሰቱ መጠን ሳይሆን የለውጡ ፍጥነት ነው። የሳይን ኩርባ በደብተሬ ላይ ስንት ጊዜ ስያለሁ! ኩርባው የዘንጉ መዞር መሆኑን ያወቅኩት ግን ጣቶቼ ዘንጉን ይዘው ሳሉ ነው።

ያ የቆየ ጥያቄዬም እዚያው ተፈታ። መጋዝ ሲገፋ ወደፊት፣ ሲሳብ ወደኋላ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የተጓዘው ርቀት ተደምሮ ዜሮ ቢሆንም እንጨቱ ግን ይሞቃል፣ ይቆረጣልም። አምፖልም ጅረቱ በየትኛው አቅጣጫ እንዳለፈ አይቆጥርም፤ ኤሌክትሮኖቹ ባሉበት ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዙ በሁለቱም ጉዞ ክሩን ያግሉታል።

ጓደኛዬ እንዲያምነኝ ፈለግኩ። አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ኤልኢዲ በተቃራኒ አቅጣጫ ጎን ለጎን አሠርኩና በረጅም ሽቦ ከጥቅሉ ጋር አገናኘኋቸው፤ ኤልኢዲ ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ ሁለቱ መቼም አብረው አይበሩም። ቀበቶውን መልሼ አጥብቄ በፍጥነት ሳዞር ግን ሁለቱም እየተርገበገቡ አብረው የበሩ መሰሉ።

«ሁለቱም በርተዋል እኮ!» አለ።

«መብራቱን አጥፋና ኤልኢዲዎቹን ይዘህ እጅህን በፍጥነት ወዲያ ወዲህ አወዛውዝ።»

ክፍሉ ጨለመ። እኔ ሳዞር እሱ እጁን አወናጨፈ፤ በአየር ላይም ቀይ ሰረዝ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሰረዝ፣ እንደገና ቀይ እየተከታተሉ ተዘረጉ።

«በመካከላቸው ያለው ጨለማስ ምንድን ነው?» አለኝ እጁን ሳያቆም።

እጀታውን እያዞርኩ «ዋልታው በጥቅሉ አፍ ትይዩ የሚሆንበት ቅጽበት ነው» አልኩት።